«የማን ጊዜ?»፦ ለርዕሰ መምህራን ሶፍትዌር ለመሸጥ የጻፍኳቸው ኢሜሎች

የተማሪ ውጤት የሚደምር፣ ሮስተር የሚያወጣና ካርድ የሚያትም ፕሮግራም ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሠርተን ጨረስን። መሥራቱ አልከበደንም። የከበደን መሸጡ ነው። ትምህርት ቤቶች ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አድራሻ እየለቃቀምኩ ለማላውቃቸው ርዕሰ መምህራን ኢሜል መላክ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ኢሜል አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። ግን ብዙ ሰው ዛሬም እንደዚያ ስለሚጽፍ ዋናውን ክፍል ላስቀምጠው።

> ርዕስ፦ ትምህርት ቤትዎን ወደ ዲጂታል ዘመን ያሸጋግሩ!
>
> የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣ ዘመናዊ፣ ፈጣንና አስተማማኝ የሆነው ሶፍትዌራችን የአስተዳደር ጊዜዎን 70% ይቆጥባል። ለአጠቃቀም እጅግ ቀላል ሲሆን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሥራ ይጀምራል። ዴሞ ለማየት ከታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ።

ይህን ለ180 ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ላክሁት። ሁለት መልስ መጣ። አንዱ «እባካችሁ አታስቸግሩን» ይላል። ሁለተኛው ከአንዲት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነበረው፦

«የማን ጊዜ?»

መጀመሪያ ያሾፉብኝ መሰለኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን መልስ አልነበረኝም። 70% ያልኩት ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። ጓደኛዬ «50 ትንሽ ነው፣ 90 አያሳምንም» ብሎ ነው 70 ያደረግነው። የማን ጊዜ እንደሆነ ደግሞ ጨርሶ አስበነው አናውቅም።

ስለዚህ ልለካ ወሰንኩ። አንድ የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ዘመድ አለኝ። የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ሮስተር ሲሠራ አጠገቡ እንድቀመጥ ለመንኩት። «ሥራ ፈት ነህ እንዴ?» አለና ፈቀደልኝ። 45 ተማሪ፣ 10 የትምህርት ዓይነት። በጠረጴዛው ላይ ከየመምህራኑ የመጡ 10 ማርክ ሊስቶች፣ አንድ ትልቅ የሮስተር ወረቀት፣ ካልኩሌተርና ማስመሪያ። የስልኬን ሰዓት ከፈትኩና ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ማስመሪያውን ከማርክ ሊስቱ ስም ሥር ያደርግና ቁጥሩን ያነባል፣ ከዚያ ሮስተሩ ላይ ይጽፋል። አንዱ ውጤት 5 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። 450 ውጤት ነውና 38 ደቂቃ ሄደ። ደምሮ አማካይ ማውጣቱ ለአንድ ተማሪ 1 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 45 ደቂቃ። ደረጃ ማውጣቱ 20 ደቂቃ ወሰደ። ሁለት ሰው እኩል አማካይ ስላመጣ መሃል ላይ እንደገና ጀመረው። ከዚያ ካርድ መጻፉ መጣ። አንዱን ካርድ በ3 ደቂቃ ቢጽፈው 45ቱ 2 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 238 ደቂቃ ነው፤ በደፈናው 4 ሰዓት። የዘገየ ማርክ ሊስት መጠበቁን፣ ሻይ መጠጣቱንና «ይቺ 3 ናት ወይስ 8?» እያሉ ባለቤቱን መምህር ማፈላለጉን አልቆጠርኩም።

ቀጥሎ ያንኑ ሥራ በእኛ ፕሮግራም ለካሁት። እዚህ ላይ ነው የሁለት ቃሏ መልስ የገባችኝ። ለአንድ ክፍል ውጤት ማስገባት የአንድ ትምህርት መምህርን 5 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 10 መምህራን ሲሆኑ 50 ደቂቃ ነው። ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን ፕሮግራሙ ያወጣዋል። ኃላፊው ካርዱን አትሞ፣ አይቶ፣ ለመፈረም 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ የ4 ሰዓቱ ሥራ በ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አለቀ። ደስ ይላል። ግን ማን ምን እንዳገኘ ተመልከቱ። የክፍል ኃላፊው ከ4 ሰዓት ወደ 15 ደቂቃ ወረደለት። ለትምህርቱ መምህር ግን ሥራ ተጨመረበት። ስድስት ክፍል የሚያስተምር ከሆነ 30 ደቂቃ ኪቦርድ ላይ ይቀመጣል። ድሮ ማርክ ሊስቱን አስረክቦ ይሄድ ነበር። የክፍል ኃላፊ ያልሆነ መምህር ከእኛ ፕሮግራም ምንም አያተርፍም፤ ይከስራል እንጂ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሶፍትዌር «መምህራኑ አልተቀበሉትም» ተብሎ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ምክንያት ይመስለኛል። የተቆጠበው ጊዜ የአንዱ ነው፣ የተጨመረው ሥራ የሌላው ነው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። መምህራን ክፍል ውስጥ ተሰብስበው የሚጮሁት በእኛ ላይ ሳይሆን በእሱ ላይ ነዋ።

ለምክትሏ የመለኪያውን ውጤት ጻፍኩላቸው። ትርፉንም ኪሳራውንም አልደበቅሁም። በማግስቱ ደወሉ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ ሮስተር አልሠራም። የእኔ ጊዜ የሚያልቀው ካርድ ከተሰጠ በኋላ ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንድ ወላጅ ካርድ ይዞ ይመጣል። «የልጄ ድምር ትክክል አይደለም» ይላል። ማርክ ሊስቱ ከፋይል ይፈለጋል፣ መምህሩ ከክፍል ይጠራል፣ እንደገና ይደመራል። ስህተት ከሆነ ሮስተሩ ይስተካከላል፣ አዲስ ካርድ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይደረጋል። ድምሩ ሲቀየር ደግሞ ደረጃው ይቀየራል። የዚያ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በታች የነበሩትም። «ለአንድ ልጅ ሦስት ሰው ሥራ ይፈታል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ኢሜሉን ከባዶ ጻፍኩት። ብዙ ጊዜ ነካክቼዋለሁ፤ በመጨረሻ የረጋው ይህ ነው።

> ርዕስ፦ ሮስተርና ካርድ፣ ለአንድ ክፍል 4 ሰዓት
>
> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> የተማሪ ውጤት የሚደምርና ካርድ የሚያትም ፕሮግራም እሠራለሁ። ከዚህ በፊት አንተዋወቅም፤ አድራሻዎን ያገኘሁት ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ነው።
>
> አንድ የክፍል ኃላፊ የ45 ተማሪዎችን የ10 ትምህርት ውጤት ወደ ሮስተር ገልብጦ፣ ደምሮ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ ካርድ ጽፎ እስኪጨርስ 4 ሰዓት ገደማ ሲፈጅበት አጠገቡ ተቀምጬ ለክቻለሁ። በፕሮግራሙ የኃላፊው ሥራ 15 ደቂቃ ይሆናል። በአንጻሩ እያንዳንዱ የትምህርት መምህር ለአንድ ክፍል 5 ደቂቃ ያህል ውጤት ያስገባል፤ ይህ ለእሱ አዲስ ሥራ ነው። ሁሉም ተሰልቶ በአንድ ክፍል የሚተርፈው 3 ሰዓት ገደማ ነው። በእናንተ የክፍል ቁጥር ያባዙት። ካርድ ከወጣ በኋላ የሚመጣ የድምርና የደረጃ ስህተትም ይጠፋል።
>
> ለመሞከር መምህራኑን መሰብሰብ አያስፈልግም። ባለፈው ሴሚስተር ተሠርቶ ያለቀ የአንድ ክፍል ሮስተር ይምረጡ፤ የተማሪዎቹ ስም ተሸፍኖ ተራ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል። እኔ ቢሮዎ መጥቼ እዚያው አስገባዋለሁ። ከእናንተ የሚፈለገው ቁጥሩን የሚያነብልኝ አንድ ሰው ለ30 ደቂቃ ነው። የፕሮግራሙ ውጤት ከእናንተ ሮስተር ጋር ካልገጠመ ምክንያቱን አብረን እናያለን። ካልፈለጋችሁት ፋይሉን ፊታችሁ አጥፍቼ እሄዳለሁ።
>
> አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ እናንተ ጋ ሮስተር የሚሠራው የክፍል ኃላፊው ነው ወይስ ሪከርድ ክፍል?
>
> ስሜና ስልኬ ከታች አለ። ዳግመኛ እንዳልጽፍ ከፈለጉ «አይ» ብለው ብቻ ይመልሱልኝ።

ረጅም ነው የሚል ይኖራል። እኔም ፈርቼ ነበር። ከግማሽ ገጽ ብዙም አይበልጥም፤ ግን የሚሸጥ ሰው ኢሜል ሁሉ አራት መስመር መሆን አለበት የሚለውን ምክር አልተከተልኩም። የትምህርት ቤት ኃላፊ ብቻውን አይወስንም። ኢሜሉን ለሌላ ያሳያል። አንድ ቢሮ ስገባ ኢሜሌ በወረቀት ታትሞ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ይህን እይልኝ፣ 18 × 3 = 54 ሰዓት?» ተብሎ ለሪከርድ ኦፊሰሯ ተጽፎበታል። በዚያች ቀን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ወረቀት ላይ ሊንክ አይጫንም። ሊንኩንና ያማረውን ሥዕል አውጥቼ የስልክ ቁጥሬን አስገባሁ። ሁለተኛ፣ ማባዛቱን ለአንባቢው መተው ይሻላል። እኔ «54 ሰዓት ትቆጥባላችሁ» ብል ኖሮ አያምኑኝም። ራሳቸው በራሳቸው የክፍል ቁጥር ሲያባዙት ግን ቁጥሩ የእነሱ ሆነ።

የመጨረሻዋ ጥያቄም ያለ ምክንያት አልገባችም። መጀመሪያ «መቼ ልምጣ?» ብዬ ነበር የምጨርሰው። ለማያውቁት ሰው ቀጠሮ መስጠት ከባድ ነው። ሮስተሩን ማን ይሠራል ለሚለው ግን መልሱ አንድ ቃል ነው፣ ማንንም አያስፈራም። መልሱ ደግሞ ለእኔ ብዙ ይነግረኛል። «ሪከርድ ክፍል» ካሉ ጊዜው የሚተርፈው ለሁለት ሦስት ሰዎች ነው። እነሱ ደግሞ ሥራችን ተወሰደ ብለው ሊሰጉ ይችላሉ። ንግግሩ ይለያል።

አሁን ስለ «ቀላል አጀማመር» ላውራ። በኢሜል ውስጥ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። «ለአጠቃቀም ቀላል» የሚለውን ቃል ሁሉም ሻጭ ይጽፈዋልና ማንም አያነበውም። የኃላፊዎቹ ስጋት ፕሮግራሙ ከባድ ይሆናል የሚል አይደለም። ስጋታቸው ሦስት ነገር ነው፤ በየስልኩ ተራ በተራ ሰምቻቸዋለሁ። የተማሪውን ስም ሁሉ ማን ይጽፈዋል? ሴሚስተሩ መሃል ላይ ቢበላሽ ምን እንሆናለን? ኮምፒውተር የማይነካውን መምህር ምን ላድርገው?

ያለቀ ሮስተር ላይ መሞከር የሚለው ሐሳብ ሁለተኛውን ስጋት ከሥሩ ይነቅለዋል። ውጤቱ ቀድሞ ወጥቷል፣ ካርዱ ተሰጥቷል። እኛ ብንሳሳት የሚጎዳ ልጅ የለም። ደግሞም ትክክለኛው መልስ እጃቸው ላይ ስላለ ፕሮግራሙን የሚፈትኑት እነሱ ናቸው። ዴሞ ብዬ በራሴ የፈጠራ ስሞች ሳሳይ የነበረ ጊዜ ሁሉም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አይቶ «እንነጋገርበታለን» ብሎ ይሸኘኝ ነበር። የራሳቸውን ሮስተር ሲያዩ ግን ወንበር ስበው ይጠጋሉ።

ስም መሸፈኑ የመጣው ከስህተት ነው። ቀደም ባለው ኢሜል «የአንድ ክፍል ውጤት በኤክሴል ይላኩልን» ብዬ ነበር። አንድ ርዕሰ መምህር «የልጆችን ውጤት ለማላውቀው ሰው በኢሜል አልልክም» ብለው መለሱ። ልክ ናቸው። እንዲያውም ዝም ብሎ የሚልክልኝ ቢኖር ነበር መደንገጥ የነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ የልጅ ስምና ውጤት በኢሜል አልቀበልም። ይህንንም ኢሜሉ ላይ ሲያዩ ብዙዎቹ «ይሄ ሰውዬ ያውቃል» እንደሚሉ በኋላ ነገሩኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ «የማን ጊዜ?» ያሉኝ ምክትል ጋ ነበር። የአንድ 7ኛ ክፍል ሮስተር አወጡልኝ። 45 ተማሪ። ሪከርድ ኦፊሰሯ ስሙን በወረቀት ሸፍና ቁጥሩን ታነባለች፣ እኔ አስገባለሁ። በ30 ደቂቃ ባይሆንም በ35 ጨረስን። አማካዩን አወጣሁና ከሮስተሩ ጋር አስተያየነው።

አንድም አልገጠመም። አንድም!

ላብ አጠመቀኝ። ምክትሏ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ሪከርድ ኦፊሰሯ ናት ያዳነችኝ። «ያቺን የመጨረሻዋን ትምህርት ደምረሃታል እንዴ?» አለች። ለካ አንዱ ትምህርት ካርድ ላይ ይጻፋል እንጂ ከድምሩ አይገባም። እኔ ሳልጠይቅ ለ10 አካፍዬ ነበር። አንድ ምልክት አነሳሁና ለ9 ተካፈለ። 41ዱ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ማስገባት ሳልጀምር የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ከድምር የማይገባ ትምህርት አለ? 49.5 ሲመጣ ወደ 50 ይጠጋል ወይስ አይጠጋም? እኩል ያመጡ ልጆች ደረጃቸው እንዴት ይጻፋል? መሃል ላይ የገባ ተማሪስ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያልጠየቀ ሰው «አጀማመሩ ቀላል ነው» ቢል አትመኑት።

የቀሩት 4 ልጆች ነበሩ። አንዱ ሴሚስተሩ መሃል ተዛውሮ የመጣ ተማሪ ነው፤ አንድ ትምህርት ስላልተፈተነ በእጅ ለ8 ተካፍሎለታል። ሦስቱ ግን በሮስተሩ ላይ የተፈጠሩ የድምር ስህተቶች ነበሩ። በአንዱ ምክንያት 3ኛና 4ኛ የወጡት ልጆች ቦታ ተለዋውጠዋል። ካርዱ ከተሰጠ ወር አልፎታል።

ለሻጭ ይህ የድል ጊዜ ይመስላል። አይደለም። ሮስተሩን የሠራው መምህር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ «ይኸው፣ ሦስት ስህተት አገኘን!» ብል ኖሮ ያ መምህር እስከ መጨረሻው ጠላቴ ይሆናል። ስክሪኑን ወደ ምክትሏ ብቻ አዞርኩና በጣቴ አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄን ለመምህሩ እኔ እነግረዋለሁ። አንተ ምንም አላየህም» አሉኝ። ምንም አላየሁም አልኩ። ስለዚህ ኢሜሌ ላይ «በየሮስተሩ ስህተት እናገኛለን» ብዬ ጽፌ አላውቅም። እውነት ቢሆንም አንባቢውን ወይም የእሱን መምህር ይወቅሳል።

ሌላም ወሰን አለ፤ በአፍም በጽሑፍም አስቀድሜ እናገረዋለሁ። ፕሮግራሙ የድምርን ስህተት ያጠፋል እንጂ መምህሩ 68ን 86 ብሎ ቢያስገባ አያውቅም። ስለዚህ መምህሩ ያስገባውን አትሞ ከማርክ ሊስቱ ጋር አስተያይቶ ይፈርማል። ይህም ደቂቃ ይበላል። ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ጊዜ አይቆጥብም። የስም ዝርዝሩን ማጽዳት አለ። አንዱ ልጅ በአንድ ወረቀት «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ልጅ ሆኖ ይገባል። «ፀ» እና «ጸ»ም እንዲሁ። ለዚህ መፍትሔው እያንዳንዱን ተማሪ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ማስገባት ነው። ዝርዝሩን እኛ እናስገባለን፤ ግን አይቶ «አዎ፣ ይሄ ልክ ነው» የሚል የትምህርት ቤቱ ሰው ያስፈልጋል። ለ800 ተማሪ ይህ የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮምፒውተር ለማይነኩ መምህራን ደግሞ ማርክ ሊስቱን ተቀብሎ የሚያስገባላቸው ሰው እንዲመደብ እናደርጋለን። አልደብቀውም፤ ከተደበቀ በሁለተኛው ሳምንት ይወጣል።

ስለ አላላኩ ጥቂት ልበል። ያ 180 ኢሜል በአንድ ቀን የላክሁበት ድርጊት ሌላም ጦስ ነበረው። አዲስ በተገዛ የድረ ገጽ አድራሻ ያን ያህል ስለላክሁ አብዛኛው ስፓም ውስጥ ገባ። እንዴት አወቅሁ? ለሦስት ጓደኞቼ ያንኑ ላክሁና ሁለቱ ስፓም ውስጥ አገኙት። SPF፣ DKIM እና DMARC የሚባሉት ሦስት ማረጋገጫዎች አልተሞሉም ነበር። እነዚህ ኢሜሉ በእርግጥ ከእኔ አድራሻ እንደወጣ ለተቀባዩ ሰርቨር ይመሰክራሉ። ጎግል ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ጂሜል ለሚልክ ሁሉ ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱን፣ በቀን ከ5000 በላይ ለሚልክ ደግሞ ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። ለራሳችሁ ጂሜል ላኩና ከሦስቱ ነጥቦች ሥር `Show original` የሚለውን ክፈቱ፤ ከየስማቸው አጠገብ `PASS` ካላያችሁ አድራሻውን ያዘጋጀላችሁን ሰው ጥሩ። አሁን በቀን ከ10 አልልክም። ከዚያ በላይ ከላክሁ ስለ ትምህርት ቤቱ ሳላነብ እየላክሁ ነው ማለት ነው። ማን ኢሜሉን እንደከፈተ የሚቆጥረውን ነገርም ተውኩት። አፕል ከ2021 ጀምሮ በሜይል አፑ ላይ ያንን ቆጠራ የሚያሳስት ነገር አስገብቷል፤ ያልተከፈተውን እንደተከፈተ ያስቆጥራል። እኔ የምቆጥረው መልስ ነው።

ጊዜው ከሁሉም ይበልጣል። በፈተና ሳምንት ላክሁና አንድ ሰው አልመለሰልኝም። ክረምት ላይ ብልክም አንባቢ የለም። ለእኔ የሠራልኝ ካርድ ከተሰጠ ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ያለው ጊዜ ነው። ድካሙ ገና ከትከሻቸው አልወረደም፣ ቅሬታ ይዞ የሚመጣው ወላጅም ገና አላቆመም። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ እጽፋለሁ። «ኢሜሌ ደርሶዎታል?» አልልም። በእሱ ፋንታ የሮስተር ሥራን ደረጃ በደረጃ የሚያስቆጥር ባለ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በኢሜሉ ውስጥ ጽፌ እልካለሁ፤ ሮስተር ሲሠራ ደቂቃውን ራሳቸው እንዲሞሉበት። ከዚያ በኋላ እተዋለሁ።

አንድ ጓደኛዬ ለክሊኒኮች የካርድ ክፍል ሶፍትዌር ይሸጣል። ኢሜሉን እንድመለከትለት ላከልኝ። «የታካሚ ካርድ ፍለጋን ከ4 ደቂቃ ወደ 30 ሰከንድ ይቀንሳል» ይላል። ለክቶታል፤ ጥሩ ነው። ግን ካርድ የሚፈልገው የካርድ ክፍል ሠራተኛው ነው። ኢሜሉን የሚያነበው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ካርድ ፈልጎ አያውቅም። እሱን የሚያንገበግበው ጠዋት በሩ ላይ የሚቆመው ሰልፍና ካርድ ጠፍቶ አዲስ የሚከፈትለት ታካሚ ነው፤ የድሮ ሕክምናው ታሪክ ከአሮጌው ካርድ ጋር ይቀራላ። ዓረፍተ ነገሩን ወደዚያ አዞርነው። ለሙከራ ደግሞ እውነተኛ ካርድ እንዳይነካ፣ ባዶ 50 ካርድ ተዘጋጅቶ ፍለጋው ብቻ እንዲለካ አደረግን። የታካሚ መረጃ ከተማሪ ውጤት ይብሳል።

አንድ ያልሸጥኩትንም ልንገራችሁ። አራት ክፍል ብቻ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት መለሰልኝ። አባዛሁት። በሴሚስተር 12 ሰዓት ነው፤ መማሩና ስም ማጽዳቱ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ትርፍ ይበላዋል። ባለቤትየውን «ለእናንተ አንድ በደንብ የተሠራ የኤክሴል ፋይል ይበቃል» አልኳቸውና ቀመሩን አሳየኋቸው። ፕሮግራሙን አብሮኝ የሠራው ጓደኛዬ ሲሰማ አበደ።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ ኢሜል መጣ። ላኪውን አላወቅኳቸውም። ርዕሰ መምህር ናቸው። ከዚያ ትንሽ ትምህርት ቤት ባለቤት ጋር ይተዋወቃሉ መሰለኝ። ከታች ያያያዙት በእስክሪብቶ የተሞላ የእኔ ሠንጠረዥ ነው፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ። ለአንድ ክፍል 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይላል። ከሥሩ «እኛ ጋ 22 ክፍል አለ። ኮምፒውተር የማይነካ ሦስት መምህር አለኝ፣ እነሱን ምን ታደርጋቸዋለህ?» ይላል።

ያን ቀን ሌላ ኢሜል አልላክሁም።